ከላይ ማን አለ? ስለ አንድ ልጅ፣ ስለ አያቱና ስለ ወንዝ ውሃ የተካሄደ ረጅም ክርክር

ሐዋሳና አካባቢዋ ያለን ሰዎች በምንጽፍበት መድረክ ላይ አንዲት አጭር ታሪክ ለጥፌ ነበር። ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላነባት የጻፍኳት ናት። ከሥሯ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥኩ፤ ምላሹ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲጎርፍ ሰነበተ። የምላሾቹ ክር ስለረዘመና መሐል ላይ ስድብ ቢጤም ስለገባበት፣ ያላነበባችሁ እንድትከታተሉት በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። እግረ መንገዴንም የት ላይ እንደተሳሳትኩ እነግራችኋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ ታሪኩ ራሱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጥር መጨረሻ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ከሐዋሳ ወንዶ ገነት ሽቅብ ወደሚኖሩት አያቱ ይላካል። ከተማ ቧንቧ ከፍቶ የለመደ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት አምስት ሊትር የምትይዝ ቢጫ ጄሪካን ይዞ አያቱን ተከትሎ ወንዝ ይወርዳል። ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል፤ ይቀዘቅዛል። ልጁ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ጎንበስ ሲል አያቱ ትከሻውን ይዘው፣ ውሃውን ተወውና ከላይ ማን እንዳለ ንገረኝ ይሉታል። ማንም አይታየውም። እንግዲያው እንሂድና እንይ ብለው ሽቅብ ይመሩታል።

በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ቅድም ልጁ የቆመበት ድንጋይ ሥር ተጠራቅማ ያያትን ነጭ አረፋ አሁን ከየት እንደመጣች ይረዳል። ከዚያ ከፍ ሲሉ ከብቶች የሚሻገሩበት መልካ አለ፤ ኮቴው ጭቃውን ወንፊት አስመስሎታል፣ ትኩስ እበት ግማሹ መሬት ላይ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። ከመልካው በላይ አንድ ሰው የመርጫ ታንክ አዝሎ በጫት ማሳ ውስጥ ይሄዳል፤ የማሳው ቦይ የሚያልቀው ወንዙ ውስጥ ነው። በመጨረሻም ዛፍ ሥር፣ ውሃው ከድንጋይ መሐል ብቅ ወደሚልበት ወደ ምንጩ ዓይን ይደርሳሉ። አያቱ እዚያ ቀድተው ያጠጡታል። ታሪኩ አለቀ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ አያትየዋ ትክክል ናቸው ወይ? ሰውስ ሽቅብ እስከ የት ነው ማየት ያለበት?

ምላሽ 1 ከአርሲ ነገሌ ነው፤ ጨዋ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊዋ የራሷ አያት ሦስት ቦታ ለይተው ያስተምሩ እንደነበር አስታወሰች። ከዓይኑ ላይ የመጠጥ ውሃ ይቀዳል፣ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፣ ከከብቱም በታች ልብስ ይታጠባል። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው በሽማግሌ ይገሠጽ ነበር አለች። በእኔ ታሪክ ውስጥ አጣቢዎቹ ከከብቱ በታች መሆናቸውን ልብ ያለችው እሷ ብቻ ናት። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ አስቤበት አልጻፍኩትም፤ ያደግሁበት ወንዝ እንደዚያ ስለነበረ ብቻ ነው።

ምላሽ 2 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ራሱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባል ብሎ የሚጠራ ሰው ታሪኩ አደገኛ ነው ብሎ ተነሣ። ሕፃናት በተቅማጥ በሚሞቱበት አገር ያልታከመ ውሃ የምታጠጣ አያትን ማሞገስ ምን የሚሉት ትምህርት ነው አለ። ውሃ አጋር ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ወይም ማፍላት እያለ ሽቅብ ወርዶ ቁልቁል ወጥቶ ምን ይፈይዳል ሲልም ጠየቀ። አቅጣጫውን ገልብጦ መጻፉን ሦስት ሰው አረመው፤ እሱም አልወደደውም።

ምላሽ 3 ሁለቱንም የሚያስታርቅ መስሎት የገባ ሰው ነው። ወራጅ ውሃ ራሱን ያጸዳል፣ ሰባት ድንጋይ ዘሎ ያለፈ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ከብቱ ከሩቅ ከሆነ ምንም ችግር የለም አለ። አባቱ እንዲህ ሲጠጡ ኖረው ሰማንያ ዓመት አልፈው እንደሞቱም ጨመረ።

ምላሽ 4 የጻፈውን ሰው አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ለረጅም ጊዜ ምንጭ ሲያጎለብት የኖረ የውሃ ቴክኒሽያን ነው፤ ቁጡም አይደለም። ለ3ኛው የመለሰው በስሌት ነው። ወንዙ በሰኮንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ አንድ ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ነው፤ ከእበትና ከሰገራ የሚወጡት ጀርሞች ግን ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቆያሉ። ድንጋይ መዝለሉ ውሃውን አየር ያስገባበታል እንጂ ጀርሙን አይገድልም። የሚረዳው የፀሐይ ብርሃን፣ መዝቀጥና ጊዜ ነው፤ በትንሽ ፈጣን ወንዝ ላይ ደግሞ ከሁሉም የሚያጥረው ጊዜው ነው። ርቀት ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነም አስረዳ፤ በየመንገዱ ሌላ ምንጭ ሲቀላቀል ይቀጥናል። ግን ቀጠነ ማለትና ጠፋ ማለት ለየቅል ናቸው። ስለ ሰማንያ ዓመቱ አባት ደግሞ፣ የወንድሞቻቸውን ቁጥርና በልጅነት የሞቱትን ቢጠይቁልን ጥሩ ነበር አለ። 3ኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 5 ጥያቄውን ጭራሽ ስቶታል፤ ነገር ግን ክሩን ለሁለት ሰዓት ይዞት ሄደ። አንዲት እናት የልጇ የፊት ጥርሶች ቡናማ መስመር እያወጡ ነው፤ እነሱ የሚጠጡት ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ታዲያ ከላይ በኩል ምን መጥቶ ይሆን ብላ ጠየቀች። ምላሽ 6 ላይ ቴክኒሽያኑ ተመልሶ፣ ይሄኛው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው አላት። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እሳተ ገሞራ በወለዳቸው አለቶች መሐል ሲቆይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ግን ከዚያ በእጅጉ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ማፍላትም አያስወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ስለሚተን የቀረውን ያከማቸዋል። ከከብት አጥንት በሚሠራ ከሰል ማጣራት ግን ይቀንሰዋል። ልጅቷ ገና አዳዲስ ጥርስ እያወጣች ከሆነ ዛሬውኑ ውሃውን አስመርምሪ፣ እስከዚያው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከቻልሽ ለእሷ እሱን ስጪ አላት። እኔን የገረመኝ፣ ያ እበት የገባበት የኮረብታ ወንዝ በዚህ በአንድ ነገር ብቻ ከንጹሑ ጉድጓድ ሊሻል መቻሉ ነው።

ምላሽ 7 ሆዴን ያንቀጠቀጠው ነው። ነርስ ነኝ ያለች ሴት፣ ሁላችሁም ልጁ ምን እንደጠጣ ትከራከራላችሁ፤ ልጁ ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ መግባቱን ግን ማንም አላየም አለች። ቢልሃርዚያ በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው። ትሏ የምትራባው በትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ውሃው ቀስ በሚልበት፣ ሣር በበዛበት ዳር ይቀመጣሉ። ከቀንድ አውጣው የምትወጣው በቀን ብርሃን ነው፤ ልጆች በሚዋኙበት ሰዓት ማለት ነው። በወንዶ ገነት አካባቢ በተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ የተገኘ በሽታ ነው አለች፤ እሷም ሆዱን አሞት፣ ሰገራው ላይ ደም አይቶ የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የት እንደዋኘ ትጠይቃለች። ስለዚህ ለአያትየዋ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሰጠቻቸው፦ ዳሩ ላይ ቀንድ አውጣ አለ ወይ? ቀንድ አውጣው ብቻውን ግን በሽታ አይደለም፤ ከላይ በኩል ሰው ወንዝ ዳር የሚጸዳዳ ከሆነ ነው ዑደቱ የሚዘጋው። ለመታጠቢያ የተቀዳ ውሃ ሁለት ቀን ካደረ ትሏ ትሞታለች ስትልም አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። እኔ መጀመሪያ ላይ ያንን ጫማ ያስወለቅኩት ለውበት ብዬ ነበር።

ምላሽ 8 እና 9 ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። አንዱ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል ጥሩ ማለት ምንጩ ነው አለ። ሌላው፣ ጥሩ ማለት ንጹሕ ማለት ነው፣ ምንጭ የሚል ትርጉም ከየት አመጣህ አለው። ወዲያው ወደ አስተማሪ ስድብና ወደ ትውልድ ቦታ ሄዱ። አስተዳዳሪው ሁለት መልእክት አነሣ። ማንም አልረታም፤ እኔም ለማንም አልፈርድም።

ምላሽ 10 አጭር ናት፤ ግን ልጆቼ ክፍል ውስጥ በጣም የሚወዷት ይመስለኛል። አንድ ወጣት፣ የእሱ አያት እንስራው አፍ ላይ የነጠላቸውን ጫፍ ሳያኖሩ ውሃ ቀድተው እንደማያውቁ ጻፈ። ምክንያቱ አልቅት ነበር። ሲገባ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ደም ሲጠባ ያብጣል። በሬያቸው አንድ ጊዜ በአፍንጫው ደም ሲያፈስ አይቶ ከዚያ ወዲህ ከወንዝ በአፉ ጎንበስ ብሎ ጠጥቶ አያውቅም። 2ኛው ጸሐፊ ወዲያው፣ ነጠላ ጀርም አያስቀርም ብሎ ዘለለበት። ልጁም፣ ስለ ጀርም መች አወራሁ፣ ስለ አልቅት ነው ያወራሁት አለው። ትክክል ነው።

ምላሽ 11 የክሩ እምብርት ነው፤ ታሪኬንም ያፈረሰው እሱ ነው። ቴክኒሽያኑ ነው የጻፈው። አያትየዋ ከምንጩ ዓይን ላይ ሲደርሱ መቆማቸው ስህተት ነው አለ፤ ዓይንም ከላይ አለው። ከመሬት ብቅ ያለው ውሃ ከሰማይ አልወረደም፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ተዳፋት ያጣራውን ወይም ሳያጣራ ያሳለፈውን ነው የምንጠጣው። አንድ የሠራበትን ምንጭ በምሳሌነት አነሣ። ውሃው በበጋ እንደ መስታወት ነበር፣ መንደሩም ይኮራበት ነበር። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በወረደ ማግሥት ግን ለሻይ የተጣደው ውሃ ቡናማ ገንፎ መስሎ ተገኘ፤ በዚያው ሳምንት የልጆች ተቅማጥ ተነሣ። ሰው ሁሉ ከብቱን ረገመ። እሱ ግን ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ ነው የወረደው? ውሃውስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የደፈረሰው? በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሆኑ ተነገረው። ያ በቂ ነበር። ከመሬት ሆድ ቀስ ብሎ ተጣርቶ የሚመጣ ምንጭ ለአንድ ዝናብ ያን ያህል ቶሎ አይደናገጥም፤ ቶሎ የሚደፈርስ ምንጭ የገጹ ጎርፍ በስንጥቅ ወይም በላዩ በኩል በቀጥታ ይገባበታል ማለት ነው።

ሽቅብ ወጥቶ ሲያይ ከዓይኑ በላይ የከብት መንገድ ተዳፋቱን እንደ ቦይ ቆርጦታል፤ ትንሽ ራቅ ብሎም የአንዲት ሴት መጸዳጃ ጉድጓድ አለ፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ። መጀመሪያ የሠሩት ቀላሉን ነው። ከዓይኑ በላይ ስምንት ሜትር ያህል ርቀው ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ቆፈሩ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩ፣ የከብቱን መንገድ ወደ ታች አዛወሩ። በቀጣዩ ዝናብ ውሃው አልደፈረሰም። ይህ ግን የጎርፉን ነገር ነው የፈታው፤ መጸዳጃውን አልፈታውም። በመስኩ የሚሠራበት ልማድ መጸዳጃ ከምንጭ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር እንዲርቅና ከበላዩ እንዳይሆን ነው፤ አለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደግሞ ሠላሳውም ላይበቃ ይችላል። እና ጥርት ያለ ውሃ ስላዩ ብቻ መጸዳጃው ችግር የለውም ማለት እንደማይቻል አጥብቆ ጻፈ።

ስለ 2ኛው ሰውም ፍርዱን ሰጠ። ማከሙ ትክክል ነው፤ ልጅ የሚጠጣው የወንዝም የምንጭም ውሃ ቢፈላ ወይም ክሎሪን ቢገባበት ይሻላል። ነገር ግን ማከም ሽቅብ ማየትን አይተካም። ደፍራሳ ውሃ ላይ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ከመርጫ ታንኩ የሚወርደውን መድኃኒት ደግሞ ማፍላትም ክሎሪንም አያጠፋውም። ለጫቱ ማሳ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ከእሱ በታች አለመቅዳት። አያትየዋን የሚያደንቃቸው ለዚህ ነው አለ፦ ይህ ውሃ ይጠጣል ብለው ሊያረጋግጡ አይችሉም፣ ይህ አይጠጣም ብለው ግን በርግጠኝነት መናገር ይችላሉ።

ምላሽ 12 ላይ 2ኛው ሰው ተመለሰ። እውነት ለመናገር ካሁኑ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ነው የጮኸው። ስለ ክሎሪኑና ጭቃው ተቀበለ፤ ደፍራሳ ሲሆን መጀመሪያ አዝቅጦ በጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያ መጨመር እንደሚገባ ራሱ ጻፈ። ሽፈራው ፍሬ ወቅጦ ማዝቀጥ እንደሚቻልም አከለ፤ በኮንሶ በኩል እንዳየው ተናገረ፤ ግን ማዝቀጥ ጀርም መግደል እንዳልሆነ ሰው እንዳይሳሳት ለመነ። አንድ ነገር ግን አልለቅም አለ፦ ታሪኩ የተካሄደው በጥር ነው፣ ሁሉ ነገር ደረቅ ነው፤ አያትየዋ በጥር ያዩት ነገር ለመጋቢት አይሠራም። በበጋ ተዳፋቱ ላይ የከረመውን እበትና ሰገራ ሁሉ የመጀመሪያው ዝናብ በአንድ ጊዜ ጠርጎ ያመጣዋል። ሽቅብ መሄድ በየዝናቡ እንደገና ነው አለ። ይህን ሲል ማንም አልተከራከረውም።

ምላሽ 13 ስለ ድንጋይ ነው። አንድ ባዮሎጂ የተማረ ልጅ፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልብጦ ሥሩ የተጣበቁትን ነፍሳት ማየት ያለፉትን ሳምንታት ታሪክ ይናገራል አለ። ጭራቸው ሦስት የሆነ ጠፍጣፋ ትናንሽ ነፍሳት ካሉ ውሃው አየር አለው፣ ብዙም አልተበከለም፤ እነሱ ጠፍተው ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከበዙ ቆሻሻ እየገባበት ነው። አራዊቱ ስላሉ ግን ይጠጣል ማለት እንዳልሆነ እሱ ራሱ ሳይጠየቅ ጨመረ፤ በሰገራ የተበከለ ውሃ ላይ እነዚያው ነፍሳት ተደስተው ሊኖሩ ይችላሉ። ይሄኛውን ለክፍሌ እይዘዋለሁ፤ ድንጋይ መገልበጥ የማይወድ ልጅ አላየሁም። ግን ነርሷን አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ።

ምላሽ 14 ከሐዋሳ ከተማ ነው፤ ቤቱ ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ነው። እናንተ ሽቅብ እዩ ትላላችሁ፤ እኛ ግን የሁላችሁም ታች ነን አለ። የወንዶ ገነት ወንዞች ጨለለቃ ረግረግ ገብተው በጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይመጣሉ፤ ሐይቁ ደግሞ በገጽ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ስለዚህ የገባው ነገር፣ ከሚተነው ውሃ በቀር፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሽቅብ አይቶ ሌላ ምንጭ መፈለግ ኮረብታ ላይ ላለ ሰው የሚሆን ምክር ነው፤ ታች ያለ ሰው ሌላ ምንጭ የለውም። አሣውን እየበላን፣ ዳሩ ላይ ሻይ እየጠጣን ስለ አያት እናወራለን አለ። ምሬት አለበት። ሁለት ሰዎች ስለ ረግረጉ መድረቅ ሊያወሩ ጀምረው ወደ መሬት ጉዳይ ስለዞሩ አስተዳዳሪው በዚያው ቋጨው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን እንደገና ጻፍኩት። ልጁ ጫማውን አያወልቅም። ዓይኑ ጋ ሲደርሱ አያቱ እንስራውን አያወርዱም፤ እዚህስ ከላይ ማን አለ ብለው ይጠይቁታል፣ ልጁም ዛፉን አልፎ ተዳፋቱን ሲወጣ የጎረቤታቸውን የእትዬ እገሊትን መጸዳጃ ያያል። ቆጥሮ ሲወርድ ሃያ ሁለት እርምጃ ይሆንበታል። የእሱ እርምጃ ደግሞ አጭር ነው። አያቱ የዚያን ቀን ከሌላ ዓይን፣ ግማሽ ሰዓት ተጉዘው ቀድተው፣ ቤት ገብተው ያፈሉታል።

ይህን ስለጥፍ ምላሽ 15 መጣ፤ ያችው የአርሲ ነገሌዋ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ቀድሞ ሽማግሌ ነበር የሚገሥጸው ብላ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ጠየቀች። እትዬ ቦታቸው ያ ብቻ ቢሆንስ? ከቤታቸው በታች ያለው መሬት የሌላ ሰው እንሰት ከሆነ ጉድጓዱን የት ይቆፍሩት? አያትየዋስ ሌላ ዓይን ሄደው ሲቀዱ የቀረው መንደር ከዚያው እየጠጣ አይደለም ወይ? ከቴክኒሽያኑ መልስ ጠበቅን፤ እሱም፣ የእሱን መንደር ሴትዮ ጉድጓድ ለማዛወር ከሁለት ዓመት በላይ ሽምግልና እንደወሰደ፣ በመጨረሻም የተቆፈረው በአማቷ ቦታ ላይ እንደነበረ ብቻ ጽፎ ወጣ።

እኔም አያትየዋ በማግሥቱ ጠዋት ቡና ቆልተው እትዬን እንዲጠሩ አደረግኩ። ልጁ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሦስተኛው ስኒ ደርሷል፤ ስለ ጉድጓዱ ግን እስካሁን አንድም ቃል አልወጣም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ እኔም አልጻፍኩትም።